ከሥዕሉ በፊት ቅርጹን

አንድ ፎቶ እንይ። ቦታው ጀርመን፣ የአንድ ትንሽ ከተማ መግቢያ ነው እንበል። ፎቶውን ያነሣው ሰው ከመኪናው ወርዶ በመንገዱ ቀኝ ዳር ቆሟል። ቅርብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ያለበት ሰፊ ቢጫ ሰሌዳ ይታያል። ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከመስቀለኛው መንገድ በፊት፣ ነጭ ጠርዝ ያለው ቢጫ ካሬ በማዕዘኑ ቆሟል። ከሥሩ ባለች ነጭ ሰሌዳ ላይ ከታች ተነሥቶ ወደ ግራ የሚታጠፍ ወፍራም ጥቁር መስመር፣ ከእሱ የሚወጡ ሁለት ቀጫጭን መስመሮችም አሉ። በስተቀኝ በምትገባው ጠባብ መንገድ አፍ ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው ነጭ ክብ ተተክሏል፤ ውስጡ ባዶ ነው። ከመገናኛው ማዶ በግራ በኩል ደግሞ ጀርባውን የሰጠን ግራጫ ቆርቆሮ አለ። ምን እንደተጻፈበት አናይም፤ ጎኖቹ ግን ስምንት ናቸው።

ጀርመንኛ የማያውቅ ሰው ከዚህ ፎቶ ምን ያህሉን ማንበብ ይችላል? ከሞላ ጎደል ሁሉንም፤ ቅደም ተከተሉን ከጠበቀ። መጀመሪያ ቅርጹ ይነበባል፣ ቀጥሎ ቀለሙ፣ ከዚያ ሥዕሉ፣ በመጨረሻ ከሥር የተንጠለጠለችው ትንሽ ሰሌዳ። አብዛኛው ሰው ግን ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ሥዕሉ ላይ ነው። ብስክሌት ካየ «የብስክሌት ምልክት» ይላል፣ ቁጥር ካየ «የፍጥነት ምልክት» ይላል። ስሕተቱ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው፤ ሥዕሉ የሚነግረን ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ ብቻ ነውና። አድርግ ይሁን አታድርግ፣ ተጠንቀቅ ይሁን እወቀው፣ ያንን የሚናገሩት ቅርጹና ቀለሙ ናቸው።

ይህ አሠራር በአንድ ቀን አልተፈጠረም። በ1909 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ የአውሮፓ መንግሥታት የተስማሙት በአራት ሥዕሎች ብቻ ነበር፤ ጎርበጥባጣ መንገድ፣ ጠመዝማዛ፣ መስቀለኛ መንገድና የባቡር ሐዲድ ማቋረጫ። አራቱም ማስጠንቀቂያዎች ናቸው። ቅርጽ ራሱን የቻለ ትርጉም ያገኘው በ1931 በጄኔቭ ስምምነት ነው። በዚያ ስምምነት ሦስት ማዕዘን ለአደጋ ማስጠንቀቂያ፣ ክብ ለትእዛዝ፣ አራት ማዕዘን ለመረጃ ተመደበ። ዛሬ አብዛኛው ዓለም የሚከተለው በኅዳር 1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነትም ይህንኑ መሠረት አስፍቶ የያዘ ነው። የአገራችን ምልክቶች በመልካቸው ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ቀይ ጠርዝ ባለው ሦስት ማዕዘን የሚያስጠነቅቁት፣ በቀይ ክብ የሚከለክሉት፣ በሰማያዊ ክብ የሚያስገድዱት በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ላይ ያየናቸው ናቸው።

ከዚህ ወገን ተለይታ በራሷ መንገድ የሄደችው አሜሪካ ናት። በ1923 የሚሲሲፒ ሸለቆ ግዛቶች የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ማኅበር የነደፈው ሐሳብ ቀላል ነበር፤ የቅርጹ ጎኖች በበዙ ቁጥር አደጋው ይበልጥ የከፋ ነው። ክብ ጎኑ ስለማይቆጠር ከሁሉ ለሚብሰው፣ ለባቡር ማቋረጫ ተሰጠ። ከእሱ ቀጥሎ ስምንት ጎን ያለው ለ«ቁም»፣ በማዕዘኑ የቆመው ካሬ ለተራ ማስጠንቀቂያ፣ አራት ማዕዘኑ ለደንብ ዋለ። ዛሬም በአሜሪካ ከሐዲድ በፊት የሚተከለው ቢጫ ክብ የዚያ ሐሳብ ትሩፋት ነው። የ«ቁም» ምልክትም እስከ 1954 ድረስ ቢጫ ነበር፤ ፀሐይ የማይበላው ቀይ ቀለም ስላልነበረ ነው።

ሁለቱ ወገኖች የሚገናኙት በጥቂት ነገር ነው። ከእነዚህ አንዱ ስምንት ጎን ያለው ቀይ ሰሌዳ ነው። በኢትዮጵያ «ቁም» ይጻፍበታል፣ በእስራኤል ጽሑፍ ሳይኖረው የተዘረጋ መዳፍ ይሣልበታል፣ በቱርክ፣ በሜክሲኮ፣ በኬቤክ እንደየቋንቋው ይለያያል። ትእዛዙ ግን አንድ ነው፤ መንገዱ ባዶ ቢሆንም ጎማው ፈጽሞ መቆም አለበት። በጫፉ የተዘቀዘቀው ሦስት ማዕዘን፣ ማለትም «ቅድሚያ ስጥ»፣ ከዚህ ይለያል፤ የሚመጣ ከሌለ ፍጥነት ቀንሶ ማለፍን ይፈቅዳል። ለእነዚህ ለሁለቱ የተለየ ቅርጽ የተሰጣቸው በምክንያት ነው። በረዶ ፊታቸውን ቢሸፍነው፣ ወይም ሰው ከጀርባቸው ሆኖ ቢያያቸው እንኳ ይታወቃሉ። ጃፓን ከዚህ ወጣ ትላለች፤ እሷ ዘንድ «ቁም» የሚለው የተዘቀዘቀ ቀይ ሦስት ማዕዘን ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ይዘን እንዙር። ቁጥሩ 30 ይሁን።

በጀርመን ወይም በጣሊያን ቀይ ጠርዝ ባለው ነጭ ክብ ውስጥ ከሆነ፣ ከ30 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መንዳት ክልክል ነው። ያው 30 በሰማያዊ ክብ ላይ በነጭ ቢጻፍ ትእዛዙ ይገለበጣል፤ ከ30 በታች መንዳት አይፈቀድም። ሰማያዊው ክብ ዘወትር «ይህን አድርግ» ባይ ነው። ሰማያዊው ክብ ተለውጦ ሰማያዊ ካሬ ቢሆን ደግሞ ትእዛዝነቱ ይቀርና ምክር ይሆናል፤ በዚህ ፍጥነት መንዳት ይመከራል ማለት ነው። አንድ ቁጥር፣ አንድ ቀለም፣ የተለወጠው ጠርዙ ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ከፎቶ ላይ በሥዕል ብቻ ለማንበብ የሚሞክር ሰው ሦስቱንም አንድ ያደርጋቸዋል።

ወደ አሜሪካ ስንሻገር ክቡ ይጠፋል። የፍጥነት ገደብ በቁሙ ረዘም ባለ ነጭ አራት ማዕዘን ላይ በጥቁር ይጻፋል፤ ያም ሕግ ነው። ከኩርባ በፊት በቢጫ ካሬ ሥር በትንሽ ቢጫ ሰሌዳ የተጻፈ 30 ካያችሁ ግን ለዚያ ኩርባ የተሰጠ ምክር ነው። በዚያ ላይ ቁጥሩ በማይል ነው፤ 30 ማይል ወደ 48 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከአውሮፓ ወገን ሆና ማይልን ያልተወችው እንግሊዝ ስለሆነች፣ በለንደን ቀይ ክብ ውስጥ ያለው 30 በሚላኖ ቀይ ክብ ውስጥ ካለው ጋር አንድ አይደለም። ምልክቱን ብቻ ቆርጦ የላከ ሰው አገሩን ካልነገረን መልስ መስጠት የማይቻለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቢጫው ካሬ ነው። በማዕዘኑ የቆመ ቢጫ ካሬ በቨርጂኒያ ወይም በሚኒሶታ መንገድ ላይ «ተጠንቀቅ» ማለት ነው፤ በውስጡ ኩርባ፣ አጋዘን፣ የሚጠብ መንገድ ይሣልበታል። በጀርመን፣ በኦስትሪያ፣ በፈረንሳይ፣ በስዊድን ግን ነጭ ጠርዝ ያለው ባዶ ቢጫ ካሬ «የያዝከው መንገድ ቅድሚያ አለው» ይላል። አንዱ እግርህን ከነዳጅ አንሣ ይላል፣ ሌላው ሂድ ይላል። ዋሽንግተን ለዓመታት የነዳ ሰው ፍራንክፈርት ላይ መኪና ተከራይቶ ይህን ምልክት ሲያይ ያለ ምክንያት ይቀዘቅዛል፤ ከኋላው ያለውን ያደናግራል እንጂ ጉዳቱ ብዙ አይደለም። የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው። ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ቢጫውን ካሬ ቅድሚያ ነው ብሎ በልማድ ከተቀበለው፣ ፍጥነቱን መቀነስ ባለበት ቦታ ላይ ልቡን ሞልቶ ይገባል። መለያው ሁለት ነው፤ የአሜሪካው ጥቁር ጠርዝና በውስጡ ሥዕል አለው፣ የአውሮፓው ወፍራም ነጭ ጠርዝ አለውና ውስጡ ባዶ ነው። የአውሮፓው ካሬ ላይ ጥቁር ሰያፍ መስመር ካረፈበት ቅድሚያው እዚህ ላይ አበቃ ማለት ነው።

አውሮፓ ሁሉ አንድ ነው ብሎ መዝናናትም አይገባም። የቪየናው ስምምነት ለማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘኑንም ቢጫውን ካሬ ይፈቅዳል፤ አየርላንድ የመረጠችው ካሬውን ነው። ስዊድንና ፊንላንድ ሦስት ማዕዘኑን ይዘው መደቡን ግን ቢጫ አድርገውታል፤ ነጭ ሰሌዳ በረዶ ውስጥ እንደማይለይ ያስታውሷል። ፈረንሳይ ደግሞ የምልክት መደብ ቢጫ ሲሆን የሥራ ቦታ ጊዜያዊ ምልክት ነው። በአሜሪካ ለመንገድ ሥራ የተመደበው ብርቱካናማ ነው። ስለዚህ ቢጫ ያዩ እንደሆነ «የየት አገር ቢጫ?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቀዩ ክብ ነው። በክልከላ ምልክት ላይ በሰያፍ የሚያልፍ ቀይ መስመር መኖር አለበት ብለን እናስባለን፤ ሲጋራ ማጨስ ክልክል የሚለው ሥዕል ያስተማረን ይመስለኛል። በአውሮፓ መንገድ ላይ ግን ክልከላውን የሚያውጀው ቀዩ ጠርዝ ብቻውን ነው። ቀይ ጠርዝ ባለው ነጭ ክብ ውስጥ ያለ ብስክሌት፣ ሰያፍ መስመር ባይኖረውም፣ ብስክሌት አይገባም ይላል። በሰማያዊ ክብ ውስጥ ያለው ያው ብስክሌት ደግሞ መንገዱ የብስክሌት ነው፣ ብስክሌተኛ በእሱ ይሂድ ማለት ነው። አሜሪካ ላይ ክልከላው ሰያፉን ስለሚጠይቅ፣ ከዚያ የመጣ ሰው ቀዩን ክብ «የብስክሌት መንገድ» ብሎ ያነበዋል፤ ትእዛዙን ገለበጠው ማለት ነው። ነጭ አግድም ባለበት ቀይ ክብ፣ ማለትም መግቢያ የለም የሚለው፣ በሁለቱም ወገን አንድ በመሆኑ አያሳስትም። በሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ለማቆሚያ ነው፤ አንድ ቀይ ሰያፍ ካለበት መኪና አቁሞ መሄድ ክልክል ነው፣ ሁለት ተሻግረው መስቀል ከሠሩ ለአፍታ መቆምም አይፈቀድም።

ወደ ፎቷችን እንመለስ፤ አሁን ማንበብ እንችላለን። ቢጫው ሰፊ ሰሌዳ አራት ማዕዘን ስለሆነ መረጃ ይመስላል፤ የከተማዋን ስም ነው የያዘው። እዚህ ጋር ጀርመን አንድ የተደበቀ ትእዛዝ አላት። የከተማው ስም የተጻፈበትን ቢጫ ሰሌዳ ካለፉ በኋላ ምንም ቁጥር ባይጻፍበትም ፍጥነቱ ወደ 50 ይወርዳል። ሲወጡ ያው ስም በቀይ ሰያፍ ተሰርዞ ይገኛል፤ ያ ሲታይ ከከተማ ውጪ ያለው 100 ተመልሶ ይሠራል፣ ሌላ ምልክት ካላገደው። ከቅርጽ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህን ሊያውቀው አይችልም። አገሩን ካወቀ በኋላም የዚያን አገር ሕግ ማየት ያስፈልጋል የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ቢጫው ካሬ መንገዳችን ቅድሚያ እንዳለው ነግሮናል። ከሥሩ ያለችው ነጭ ሰሌዳ ግን ወሳኟ ናት። በእሷ ላይ ያለው ንድፍ የመስቀለኛው መንገድ ካርታ ነው፤ የታችኛው ጫፍ እኛ የቆምንበት ቦታ ነው፣ ወፍራሙ መስመር ቅድሚያ ያለው መንገድ ነው። እዚህ ወፍራሙ ወደ ግራ ታጥፏል፤ ስለዚህ ቅድሚያው ቀጥ ብሎ አልሄደም። መታጠፊያውን ተከትሎ ወደ ግራ የሚሄድ ሹፌር መሪውን የሚያዞረው መንገዱን ተከትሎ ቢሆንም ፍሬቻ ማብራት ግዴታው ነው፣ ለሚያቋርጡ እግረኞችም የተለየ ጥንቃቄ ማድረግ አለበት። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ከቅድሚያው መንገድ እየወጣ መሆኑን ይወቅ፤ ከመገናኛው ማዶ የሚጠብቀው መንገድ ቅድሚያ ያለው አይደለም። ያለ ሰሌዳዋ ፎቶውን ያነበበ ሰው ቀጥታው መንገድ የቅድሚያ መንገድ ነው ብሎ በቀጥታ ይሳሳታል።

ጀርባውን የሰጠን ባለ ስምንት ጎን ቆርቆሮ ይህን ንባብ ያረጋግጥልናል። ከማዶ የሚመጡት «ቁም» ተብለዋል፤ እኛን የሚመለከት ትእዛዝ ባይሆንም ቀጭኑ መስመር በእርግጥ ቅድሚያ የሌለው መሆኑን ያሳየናል። ከጀርባ የሚታዩ ምልክቶችን ፎቶ ላይ መቁረጥ የለብንም የምለው ለዚሁ ነው።

በቀኝ በኩል ያለው ባዶ ነጭ ክብ ቀይ ጠርዝ ስላለው ክልከላ ነው። ውስጡ ምንም ሥዕል ስለሌለ የተለየ ተሽከርካሪ አልተጠቀሰም፤ ማንኛውም ዓይነት ተሽከርካሪ አይገባም። ከሥሩ ግን ብዙ ጊዜ ትንሽ ሰሌዳ ይኖራል። የብስክሌት ሥዕልና «ፍራይ» የሚል የጀርመንኛ ቃል ካለባት ብስክሌት ከክልከላው ነፃ ነው። ይህ ቃል በጀርመን ምልክት ሥር ሲገኝ የሚያነሣው ነው እንጂ የሚጨምረው ክልከላ የለም። ሥዕሏ ብቻ ከሆነ ደግሞ፣ ለምሳሌ ከ80 ክብ ሥር የጭነት መኪና ሥዕል፣ ትእዛዙ ለዚያ ተሽከርካሪ ብቻ ነው፤ የቤት መኪና የሚነዳው አይመለከተውም። በማስጠንቀቂያ ሥር የተጻፈ 200 ሜትር አደጋው ያለበትን ርቀት ይነግራል። ቁጥሩ ወደ ላይ በሚያመለክቱ ሁለት ቀስቶች መካከል ከገባ ግን ርዝመቱን ነው፤ 800 ሜትር ያህል እንዲህ ይቀጥላል ማለት ነው።

ከፎቶ የማንበብ ችግር ሕጉን አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ፎቶው ራሱ ይዋሻል። ቀይ ቀለም ፀሐይን እንደ ሌሎቹ አይችልም። ለዓመታት የቆመ የክልከላ ክብ ጠርዙ መጀመሪያ ሮዝ፣ ቀጥሎ ነጭ ይሆንና በፎቶ ላይ ነጭ ክብ ብቻ ይመስላል። ይህ ደግሞ በአውሮፓ ክልከላ ማብቃቱን ከሚያመለክተው ነጭ ክብ ጋር ይምታታል። መለያው ሰያፍ መስመሮች ናቸው፤ «አበቃ» የሚለው ምልክት በሰያፍ የሚያልፍ ጥቁር ወይም ግራጫ መስመር አለው፣ የደበዘዘው ክልከላ የለውም። ምስሉን በስልክ አቅርበው ካዩት የጠርዙ ክብ አሻራ ብዙ ጊዜ አይጠፋም።

የመብራት ሰሌዳም አለ። በአውሮፓ አውራ ጎዳና ላይ በመንገዱ ራስ የሚንጠለጠሉት የኤሌክትሪክ ምልክቶች መደባቸው ጥቁር ነው፣ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ዙሪያውን ቀይ ክብ ያበራበታል። መደቡ ነጭ አይደለም ብሎ መጠራጠር አያስፈልግም፤ ቀዩ ክብ ካለ ገደቡ ሕግ ነው። ካሜራው ግን መብራቶቹ ብልጭ በሚሉበት መሃል ሊይዛቸው ስለሚችል በፎቶ ላይ ክቡ የተቆራረጠ ወይም ጭራሽ የሌለ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን ሁለተኛ ፎቶ ማየት ነው። በጎዳና ብርሃን የተነሣ የማታ ፎቶም ነጩን መደብ ቢጫ፣ ሰማያዊውን ጥቁር ሊያደርገው ይችላል፤ ያን ጊዜ ከቀለሙ ይልቅ ቅርጹ ይታመናል።

አንድ ነገር ቀረ። በፎቶው ላይ ከቢጫው ካሬ ጎን የትራፊክ መብራት ቢኖር ኖሮ፣ በጀርመን መብራቱ እስከሠራ ድረስ ካሬው በዚያ መስቀለኛ ላይ አይሠራም፤ ቀይ ከበራ ቅድሚያ አለኝ ማለት አይቻልም። ሁለቱን ጎን ለጎን የሚተክሏቸው ግን ለትርፍ አይደለም። ሌሊት መብራቱ ሲጠፋ ወይም ቢጫው ብቻ ብልጭ ብልጭ ሲል ካሬው ወዲያው ሥራውን ይጀምራል። የትራፊክ ፖሊስ መሃል ገብቶ እጁን ካነሣ ደግሞ መብራቱም ካሬውም ዝም ይላሉ።